ከጓዳ ወደ ገበያ፦ ስልጆን ከሰሜን ሸዋ መሸጥ፣ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደብረ ብርሃንና አካባቢው ላይ «የእናቴን ሙያ ገቢ ላድርገው» የሚል ሰው በርክቷል። የሚያነሱት ጥያቄም ይመሳሰላል። ምኑ ነው የማይገኘው? ምኑ ነው የሚያደክመው? ምኑ ነው ሳይሸጥ የሚበላሸው? ሁሉንም ምግብ እየጠራሁ ብመልስ አያልቅም። ስለዚህ ሦስቱንም ጥያቄ በአንድ ላይ የሚያነሳውን ስልጆን ልያዝ። የሌላው ምግብ መልስ በመሃል በመሃሉ ይመጣል።

ለምን ስልጆ? ቆሎና በሶ አይቀሉም ወይ?

ይቀላሉ። ገብሱ ከመንዝም ከባሶናም እንደ ልብ ይመጣል። ቆልቶ፣ ሸክሽኮ፣ አስፈጭቶ ማሸግ ነው፣ እዳው ገብስ ነው። ደረቅ ስለሆነም ወራት ይቆያል። ችግሩ ይሄው ቅለቱ ነው። እናንተ የቻላችሁትን ጎረቤታችሁም ይችላል። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚያልፈው መኪና በቆመበት ሁሉ ቆሎ የያዘ እጅ በመስኮት ይመጣል። እዚያ ውስጥ ለመግባት ያላችሁ መሣሪያ ዋጋ መቀነስ ብቻ ነው። ዋጋ በመቀነስ ደግሞ ትንሹ ሻጭ አያሸንፍም።

በሌላው ጫፍ እልበት አለ። የባቄላ ዱቄት ተገንፍቶ፣ ነጭና ለስላሳ እስኪሆን ድረስ ይመታል፣ ሰናፍጭና ነጭ ሽንኩርት ይገባበታል። በደንብ የተመታ እልበት የሚሠራ እጅ ዛሬ ብዙ አይደለም፤ ስለዚህ ልዩ ነው። ግን ክንድ ይበላል። ሳይቦካ ስለሚቀርብም በማግስቱ ጣዕሙ ይወርዳል፣ ከዚያ ወዲያ ይበላሻል። ለምግብ ቤት የዕለት ጾም በያይነቱ ይሆናል፣ ለሱቅ መደርደሪያ አይሆንም።

ስልጆ መሃል ላይ ነው። ባቄላውም ሰናፍጩም ያው ነው። ሱፍ ይጨመርበትና እንዲቦካ ይተዋል። መቦካቱ ኮምጣጣ ያደርገዋል፣ ኮምጣጣነቱ ደግሞ ዕድሜ ይሰጠዋል። የሚሠራው ሰው ጥቂት፣ የሚናፍቀው ብዙ ነው፤ በተለይ ከተማ የገባው። እኔ ብመርጥ ይህንን እመርጣለሁ። ግን ከዚህ በታች ያለውን ሳያነብ ማንም እንዳይጀምር።

አሠራሩን በቤት አውቀዋለሁ። ለሽያጭ ሲሆን ምን ይለወጣል?

ሚዛን ይገባል። ቤት ውስጥ በዓይንና በእጅ ይለካል፣ ቀጠነ ከተባለም ማንም አይከፋም። ገንዘብ የከፈለ ሰው ግን ባለፈው ሳምንት የቀመሰውን ይፈልጋል።

ለመጀመሪያ ሙከራ የሚሆን መጠን ይኸውላችሁ። 1 ኪሎ የተቆላና የተከካ የባቄላ ዱቄት፣ ግማሽ ኪሎ ሱፍ፣ 4 ሊትር ያህል ውሃ፣ 100 ግራም ሰናፍጭ፣ 150 ግራም የተላጠ ነጭ ሽንኩርት፣ ትንሽ ዝንጅብል፣ አንድ እፍኝ ጤና አዳም፣ ከ100 ግራም ትንሽ ከፍ ያለ ጨው። ይህ መነሻ ነው። በእናታችሁ ምላስ አስተካክሉት፣ ከዚያ ጻፉትና አትንኩት።

ሱፉ ይለቀማል፣ ለብ ለብ ተደርጎ በሙቀጫ ይወቀጣል፣ ወይም በጁስ መፍጫ ይፈጫል። በውሃ ይታሽና በነጠላ ይጠለላል። የሚወጣው ወተት የመሰለ ፈሳሽ ሳይውል ሳያድር ምድጃ ላይ መውጣት አለበት። ዘይትና ፕሮቲን ያለበት ጥሬ ፈሳሽ ነው፣ በሞቀ ቦታ ግማሽ ቀን ከቆየ ይበላሻል። «ማታ ልጥለል፣ ጠዋት ልሥራ» የሚለው ብልጠት ስንቱን ገንቦ አስደፍቷል።

ፈሳሹ ሲፈላ ዱቄቱ እየተነሰነሰ ይማሰላል፣ ልክ እንደ ወፍራም ሽሮ። እዚህ ላይ የደጋ ሰው አንድ ነገር ይወቅ። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ እዚያ ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ አካባቢ እንጂ 100 ላይ አይደለም። ስለዚህ ከሸዋ ሮቢት የመጣ ሰው በሚያበስልበት ሰዓት ብታወጡት የባቄላው ጥሬነት ምላስ ላይ ይቀራል። ከፈላ በኋላ በቀስታ እሳት ሠላሳና አርባ ደቂቃ እየተማሰለ ይቆይ። እንዳይዝ የብረት ድስት ሥሩ ወፍራም ይሁን። አንዴ ከያዘ የማረሩ ሽታ በሰናፍጭም አይሸፈንም።

ከዚያ ማቀዝቀዝ ነው፣ እጅ ሲገባበት ምንም እስከማይሰማ ድረስ። ሰናፍጩ የሚገባው ያኔ ነው።

ሰናፍጩን ሙቅ ላይ ብጨምረው ምን ይሆናል?

አፍንጫ አይወጋም። ደረቅ ሰናፍጭ አፍ ውስጥ ያን ያህል አይደለም። ተፈጭቶ ውሃ ሲነካው ውስጡ ያለ ኢንዛይም ሥራ ይጀምርና ያ አናት ላይ የሚወጣው ኃይል ይፈጠራል። ሙቀት ኢንዛይሙን ይገድለዋል። ፍል ገንፎ ላይ የተነሰነሰ ሰናፍጭ መራራ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ሰናፍጩን ለብቻው በቀዝቃዛ ውሃ አሽታችሁ፣ ከአሥር እስከ ሃያ ደቂቃ ካቆያችሁ በኋላ በቀዘቀዘው ላይ ጨምሩ።

ይህ ነገር ለንግዱም ይገባል። ያ ኃይል ተናኝ ነው። ዕቃው በተከፈተ ቁጥር ይወጣል፣ ባይከፈትም በቀናት ውስጥ እየለዘበ ይሄዳል። ደንበኛ «ያረጀ ነው» የሚላችሁ ስልጆው ሳይበላሽ፣ ሰናፍጩ ስለደከመ ብቻ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የስልጆ የገበያ ዕድሜ ከጤና ዕድሜው ያጥራል። ጊዜው የሚያበቃበትን ቀን ስትጽፉ በጣዕሙ ቁረጡ።

ስንት ቀን ይቦካል? መድረሱን በምን አውቃለሁ?

እንደ አገሩ ነው። በሞቃት ቦታ፣ ሸዋ ሮቢትና አጣዬ፣ በሁለት ቀን ይደርሳል። ደብረ ብርሃን ላይ በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ አራት አምስት ቀንም ሊፈጅ ይችላል። ዐቢይ ጾም የሚገባው ብርዱ ረገብ ሲል ስለሆነ ያኔ ትንሽ ይፈጥናል። ከምድጃው አጠገብ፣ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ባልዲ ይረዳል።

ከቀድሞው ስልጆ ሁለት ሦስት ማንኪያ መጨመር ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል። እንደ እርሾ ነው። ጥሩዎቹ ባክቴሪያዎች ቀድመው ቦታውን ይይዛሉ፣ ማኮምጠጡ ይፈጥናል፣ ክፉዎቹ ዕድል አያገኙም። ከየድስቱ በጣም ጥሩውን ለይታችሁ በትንሽ ብልቃጥ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡ። መጥፎ የሸተተን ድስት ግን ለእርሾ አትንኩ።

መድረሱን ምላስ ይናገራል፤ ጥርት ያለ ኮምጣጣነት፣ ቀጥሎ የሰናፍጩ ምት። ለሽያጭ ግን ምላስ ብቻ አይበቃም። የፒኤች ወረቀት ግዙ፤ የላብራቶሪ ዕቃ የሚሸጡ ቤቶች ይይዙታል። ወረቀቱን ትንክት አድርጎ ቀለሙን ማየት ነው። የምትፈልጉት ከ4.5 በታች ነው። ይህ ቁጥር ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። ቦቱሊዝም የሚባለውን ገዳይ መመረዝ የሚያመጣው ባክቴሪያ ከ4.6 በታች አያድግም። ነጭ ሽንኩርት ያለበት፣ አየር የማይገባው፣ ኮምጣጣ ያልሆነ ምግብ ደግሞ የሚወደው ቤት ነው። ያልቦካ እልበት በጠርሙስ አሽጎ፣ ላዩ ላይ ዘይት አፍስሶ፣ ከፍሪጅ ውጭ መደርደር የሚያስፈራኝ ለዚህ ነው። መልኩም ሽታውም ሳይለወጥ ሊጎዳ ይችላል።

መበላሸቱንስ በምን እለያለሁ? የእኔ ላዩ ላይ ነጭ ነገር አወጣ።

ጥቃቅን አረፋና የኮምጣጣ ሽታ የጤና ነው። ውሃው ትንሽ ተለይቶ ቢንሳፈፍም ይማሰላል፣ ችግር የለውም። ስስ፣ ነጭ፣ ሽብሽብ ያለ ልባስ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የዱር እርሾ ነው። አይገድልም፣ ጣዕም ግን ያበላሻል። ቤት ውስጥ ገፈው ይበሉታል። ለሽያጭ አይሆንም።

ጸጉር ያለው፣ አረንጓዴ፣ ጥቁር ወይም ሮዝ ቀለም ያለው ሻጋታ ከሆነ ግን ሙሉው ይደፋል። ላዩን ጠርጎ ማዳን የለም፤ ሥሩ ከሚታየው በታች ይወርዳል። እንደ ክር የሚሳብ ልጋግ፣ የበሰበሰ እንቁላል ሽታ፣ ሲከፈት የሚተኩስ ክዳንም እንዲሁ። በአራተኛው ቀን ወረቀቱ አሁንም ከ5 በላይ የሚያሳይ ከሆነም ይደፋ፤ ወይ ቦታው በጣም ቀዝቅዞታል፣ ወይ ዕቃው ቆሻሻ ነበረ።

አንድ ልማድ አለ፣ ገና እየቦካ ሳለ በጠርሙስ ማሸግ። አየር መውጫ ያጣል፣ ጠርሙሱም ሊፈነዳ ይችላል። በባልዲ፣ ክዳኑ ላላ ብሎ ይቡካ። ሲደርስ ቀዝቅዞ ይሞላ፣ ከዚያ ወደ ፍሪጅ።

ስንት ቀን ይቆያል ብዬ ልጻፍ?

ከሰው የተዋሳችሁትን ቁጥር አትጻፉ። የእናንተ ውሃ፣ የእናንተ ጨው፣ የእናንተ እጅ ሌላ ነው። ከአንድ ድስት ስምንት ትንንሽ ብልቃጥ ሙሉ። አራቱን ፍሪጅ፣ አራቱን ውጭ መደርደሪያ ላይ አስቀምጡ። በየሦስት ቀኑ ከየወገኑ አንድ ክፈቱ። ሽታውን፣ ጣዕሙን፣ የወረቀቱን ቀለም ጻፉ። ከፍሪጁ የወጣው መቼ ሰናፍጩ እንደደከመ፣ ከውጭው የወጣው መቼ ልባስ እንዳወጣ ታገኛላችሁ። ከዚያ ላይ ሲሶውን ቀንሳችሁ መለያው ላይ ጻፉ። ደንበኛው ፍሪጁን ያጠፋል፣ መብራት ይሄዳል፣ በተነካ ማንኪያ ይጨልፋል፤ ሲሶው ለዚህ ነው።

ወደ አዲስ አበባ የምትልኩ ከሆነም ሙከራው ላይ መንገዱን ጨምሩበት። ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጠዋት ቀዝቅዞ የተነሳ ባልዲ ይደርሳል። ወደ ቆላው፣ ወደ ሸዋ ሮቢት ከሆነ ግን መኪና ላይ ፀሐይ ሲመታው በአንድ ቀን እንደገና ይነሳል፤ በረዶ ሳይዙ አይሞከርም።

ያዋጣል ወይ? ሒሳቡን አሳዩኝ።

ዋጋ በየገበያው ቀን ይለወጣል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለውን ብር ለስሌት የወሰድኩት ነው፣ በራሳችሁ ቁጥር ተኩት። አካሄዱ ግን ያው ነው።

ጠባሴ የምትኖር አንዲት ሴት ስልጆ ልትጀምር አስባ ከላይ ባለው መጠን አብረን አሰላነው። ከ1 ኪሎ ዱቄት 4 ኪሎ ተኩል ያህል ስልጆ ይወጣል፤ በሩብ ኪሎ ጠርሙስ 18 ማለት ነው። እህሉና ቅመሙ 400 ብር እንበል። ማገዶ ወይም መብራት 60። ጠርሙስ ከነክዳኑ 25 ብር ቢሆን 450። ከመልቀም እስከ መለጠፍ 5 ሰዓት እጅ ይይዛል፤ በሰዓት 50 ብር ቢታሰብ 250። ድምሩ 1,160 ነው። ለ18 ሲካፈል አንዱ ጠርሙስ 64 ብር ግድም ይቆማል።

ሴትየዋ የራሷን እጅ አልቆጠረችም ነበር። «እኔማ ቤቴ ነኝ» ነበር ያለችው። ይህ ሰው ሁሉ የሚለው ነው። እጅ ካልተቆጠረ ግን ነገ ብዙ ሲታዘዝና ሠራተኛ ሲቀጠር ዋጋው አይሸከመውም።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ጠርሙሱ ከምግቡ ይበልጣል። ደንበኛው የሚከፍለው ለመስታወት ነው። ሁለተኛ፣ ከ18ቱ ሦስቱ ሳይሸጡ ወይም ተበላሽተው ቢቀሩ ያው 1,160 ብር ለ15 ይካፈላል። አንዱ 77 ብር ይሆናል። ሦስት ጠርሙስ ብቻ ነው የጠፋው፣ ግን በእያንዳንዱ ላይ 13 ብር ተጫነ። በ80 ብር የሚሸጥ ሰው ትርፉ እዚያ ላይ ሊያልቅ ደረሰ።

አሁን ያንኑ ድስት ለአንድ ምግብ ቤት በባልዲ እንሸጠው። ጠርሙሱ ይቀራል፣ ባልዲው ይመለሳል። 710 ብር ለ4 ኪሎ ተኩል፣ ኪሎው 158 ብር ግድም ይቆማል። በጠርሙስ ሲሆን ኪሎው 258 ነበር። ምግብ ቤቱ ረቡዕና ዓርብ በያይነቱ ላይ አንድ ማንኪያ ያደርጋል። ማክሰኞ ይወስዳል፣ እስከ ቅዳሜ ይጨርሳል። መበላሸት የሚባለው ነገር ከእናንተ መደርደሪያ ይወርዳል።

ሴትየዋም የወሰነችው ይሄንን ነው። ሁለት ምግብ ቤት በባልዲ፣ ጠርሙስ ደግሞ ለታዘዘ ብቻ፣ ባዶውን ለመለሰ ቅናሽ።

ልፋቱ የት ጋ ይቀነሳል? ጣዕሙ ሳይጠፋ።

ሱፉ ላይ። ከአምስቱ ሰዓት ሁለት ሰዓት ገደማ የሚበላው እሱ ነው፤ መልቀም፣ መውቀጥ፣ መጥለል። መፍጫ እዚህ ጋ ዋጋውን ይመልሳል። ቅርፊቱ ደቅቆ እንዳይመር በአጭር በአጭሩ አዙሩና ሁለት ጊዜ ጥለሉ።

ነጭ ሽንኩርትም በመፍጫ ይሁን። ማማሰሉ ላይ ግን አትቸኩሉ። ባቄላውንም ቆልቶ አስከክቶ አንዴ ለወር የሚበቃ ማስፈጨት ይቻላል፤ ደረቅ ነው፣ አይቸግርም።

ደግሞም ድስቱን ማሳደግ። ሦስት እጥፍ ለመሥራት ሦስት እጥፍ ሰዓት አይፈጅም። ግን ትልቅ ድስት ቶሎ አይቀዘቅዝም፤ ያ ለብ ያለ ሰዓት ደግሞ ክፉ ባክቴሪያ የሚራባበት ነው። በሰፋፊ ትሪ ዘርግታችሁ፣ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍናችሁ አቀዝቅዙ።

ደረቁን አዘጋጅቼ «ቤትሽ ሥሪው» ብዬ ብሸጠውስ?

የምወደው ሐሳብ ነው፣ ገደብ ግን አለው። ደረቅ ነገር አይቸኩልም። የባቄላው ዱቄት በአንድ ከረጢት፣ ሰናፍጩ ሳይፈጭ በሌላ፣ ሱፉ ተለቅሞ ሳይወቀጥ በሦስተኛ፤ ከነአሠራሩ ወረቀት። መበላሸት ከቀን ወደ ወር ተሸጋገረ ማለት ነው። ጠርሙስም ፍሪጅም የለም።

ሱፉን አድቅቀው መሸጥ የሚፈልጉ አሉ፣ አይሆንም። ቅባት ስላለው ከተወቀጠ በኋላ በሳምንታት ውስጥ ይቆመጥጣል። የቆየ ዘይት ይሸታል። ሰናፍጩንም ከዱቄቱ ጋር አትቀላቅሉ፤ ደንበኛዋ አብራ ታፈላውና «ይሄማ ስልጆ አይደለም» ትላለች። እውነቷን ነው።

ዱቄቱን ከወፍጮ እንደመጣ ትኩሱን አታሽጉ። ያልባል፣ ከከረጢቱ ውስጥ ላብ ያወጣል፣ በሁለት ሳምንት ይሻግታል። አሳድሩት።

ገደቡ ይኸውና፦ ሱፍ መጥለል የሚያውቅ ሰው ባቄላውንም ራሱ ያስፈጫል። የማያውቅ ደግሞ ከረጢቱን ገዝቶ ጓዳ ይወረውረዋል። ስለዚህ ይህ የሚሸጠው ለውጭ አገር ተጓዥና ከአገሩ ለራቀ ዘመድ ነው። ለደብረ ብርሃን ቅዳሜ ገበያ አይደለም።

ባቄላውን ከየት ልግዛ? የተከካው ይሻላል ወይ?

ሳይከካ፣ ሙሉውን ግዙ። ከተከካና ከተፈጨ በኋላ ጓያ መቀላቀሉን ማንም አያውቅም። በጥቁር አፈር አገራችን ጓያ እንደ ልብ ይበቅላል፣ ርካሽም ነው። ጓያ ለረጅም ጊዜ ዋና ምግብ ሲሆን እግር የሚያሽመደምድ ነገር አለው። ከአንድ ማንኪያ ስልጆ ማንም አይሽመደመድም፤ ግን በሰው ስም የሚሸጥ ነገር ውስጥ ሊገባ አይገባም። ሙሉ ፍሬው ላይ መለየት ቀላል ነው፦ ባቄላ ትልቅና ጠፍጣፋ ነው፣ ጓያ ትንሽ፣ ማዕዘን ያለው፣ መጥረቢያ የመሰለ።

ነቀዝ የበላውን ባቄላ «ይቆላል» ብላችሁ አትግዙ። መቁላት ነቀዙን ይገድላል፣ የተበላውን ግን አይመልስም፤ መራራነቱም ይቀራል።

ፈቃድ ያስፈልጋል?

ለሕዝብ የሚሸጥ ምግብ በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሥር ነው። ጎረቤት ማቅመስ ሌላ፣ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ማድረግ ሌላ። መጀመሪያ የከተማችሁን የንግድና የጤና ጽሕፈት ቤት ጠይቁ፤ የሥራ ቦታው፣ ውሃው፣ የሠራተኛው የጤና ምርመራ ይነሳል። መለያው ላይ የተሠራበትን ቀን፣ የሚያበቃበትን ቀንና የገባበትን ሁሉ ጻፉ። ሰናፍጭን በተለይ በግልጽ፤ አለርጂ የሚሆንበት ሰው አለ። ባቄላ የማይስማማው፣ ሲበላ ደሙ የሚጎዳበት ሰውም አለ፣ እሱም ማየት አለበት።

በጾም ጥሩ ይሸጣል አሉ። ፋሲካ ሲደርስስ?

እዚህ ላይ ነው ብዙው ሰው ትርፉን የሚያስረክበው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደንበኛ ይለመዳል፣ በመሃሉ ትዕዛዙ ይጨምራል፣ ሻጩም ይደፋፈርና ድስቱን ያሳድጋል። ከዚያ ሰሙነ ሕማማት ይገባል። በዚያ ሳምንት ቆሎና ዳቦ ላይ የሚወሰን ሰው ብዙ ነው፤ ሰናፍጭና ቅመም ይቀራል። ጸሎተ ሐሙስ ደግሞ ጉልባን ነው። ያን ቀን ጉልባን አዘጋጅቶ የሚያቀርብ ሰው አንድ ቀን ጥሩ ይሸጣል፣ ስልጆ ያስቀመጠ ግን ያያል።

ፋሲካ ከሆነ በኋላ «ረቡዕና ዓርብ አለ» ብላችሁ አትጽናኑ። እስከ ጰራቅሊጦስ ድረስ ባሉት ሃምሳ ቀናት ረቡዕና ዓርብም አይጾምም። ምግብ ቤቶቹ የጾም ማዕዳቸውን ይሰበስባሉ። እንደገና የሚጠሩት ሰኔ ጾም ሲገባ ነው።

ስለዚህ ወደ ኋላ ቁጠሩ። የመጨረሻው ድስት ቦክቶ፣ ተከፋፍሎ፣ ከሆሳዕና በፊት በደንበኛ እጅ መግባት አለበት። ደብረ ብርሃን ላይ አራት ቀን ለመቦካት፣ አንድ ቀን ለማድረስ ብታስቡ፣ ከሆሳዕና በፊት ባለው ሰኞ የመጨረሻው እሳት ይነዳል። ከዚያ ድስት ለእርሾ የሚሆን አንድ ብልቃጥ ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጥ፤ በሃምሳው ቀን መሃል አንዴ በትንሽ ድስት ታድሱታላችሁ፣ አለበለዚያ ይደክማል። የቀሩትን ሳምንታት መፍጫውና ምጣዱ ለቆሎና ለበሶ ይሥሩ። ያኔ ቆሎ ብቻውን ባያዋጣም፣ የምጣዱንና የቤቱን ኪራይ ይሸፍናል።